ባሕር ማዶ ላላችሁ የድሬ ልጆች፦ እርጎና አይብ ከሱፐርማርኬት ወተት

ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ወተት ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታሳድሩት እርጎ አይሆንም። ሦስት ቀን ብትታገሡትም አይሆንም። ይመርራል፣ ይሸታል፣ መጨረሻው መደፋት ነው። እዚህ ድሬ ግን ጠዋት ከገጠር የመጣ ወተት፣ ማንም ምንም ሳይጨምርበት፣ ሙቀቱ ከበረታ ማታውኑ መርጋት ይጀምራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያልፈላ ወተት ከላሟ ጡት፣ ከአላቢዋ እጅና ከዕቃው የሚያገኘው ባክቴሪያ አለው። ወተቱን የሚያረጋው እሱ ነው። የፋብሪካ ወተት በሙቀት ሲያልፍ ይኼ ባክቴሪያ አብሮ ይሞታል። ከሙቀቱ የሚተርፉት ጥቂቶቹ ደግሞ ወተት ያበላሻሉ እንጂ አያረጉም። ስለዚህ ውጭ አገር እርጎ የሚጀምረው ከእርሾ ነው። ጥያቄው የትኛው እርሾ ነው የሚለው ነው።

እኔ ካናዳ ኖሬ ተመልሼ አሁን ድሬ ነኝ። ታናሽ እህቴ እዚያው ቶሮንቶ ቀርታለች። በዓል በመጣ ቁጥር ስለ አይብ ትደውላለች፤ ጓደኞቿም በእሷ ስልክ ያስጠይቁኛል። ሁሉንም አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዮገርቱን ሳይሆን ባተርሚልኩን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርጎ ሲያምረው ዮገርት ይገዛል። አንድ ማንኪያ ዮገርት ሞቅ ያለ ወተት ውስጥ ይጨምርና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያሳድረዋል። ጠዋት ሲከፍተው ጥሩ ዮገርት አግኝቷል። እርጎ ግን አላገኘም። ይጎመዝዛል፣ ጫን ያለ ነው፣ ሽታውም የእማዬ ቤት ሽታ አይደለም።

የዮገርት ባክቴሪያ ትኩስ ቦታ ይወዳል። በደንብ የሚሠራው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያረጋዋል። የእኛ እርጎ የሚረጋው በአየሩ ሙቀት፣ ቀስ ብሎ ነው። የሚያረጋው ባክቴሪያም በአብዛኛው ለዘብ ያለ ሙቀት የሚወድ ወገን ነው። ያቺ ቅቤ ቅቤ የምትል መዓዛ የምትመጣውም ከዚሁ ወገን ነው።

ይኼን ወገን በሱቅ የሚሸጠው ባተርሚልክ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባተርሚልክ ድሮ የእኛው አሬራ ነበር፣ ከተናጠ ወተት ቅቤው ሲወጣ የሚተርፈው ማለት ነው። የዛሬው ግን አልተናጠም። ቅባቱ የተቀነሰ ወተት ላይ እርሾ ተጨምሮ የረጋ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ያ እርሾ ነው። ስዊድን ያላችሁ ፊልሚዮልክ የሚባለውን ግዙ፤ እሱም በዚሁ ዓይነት እርሾ የሚረጋ ስለሆነ ለእርጎ በጣም ይቀርባል። ጀርመን ያላችሁ ቡተርሚልሽ አላችሁ።

ባተርሚልክ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ሕያው እርሾ እንዳለበት መጻፍ አለበት። ከረጋ በኋላ እንደገና በሙቀት ያለፈ ከሆነ እርሾው ሞቷል፤ ለእርጎ አይሆንም። ስታርች፣ ጄላቲን ወይም ሌላ ማወፈሪያ የተጨመረበትን ተዉት። እርጎው ላይ ያን ያህል አይጎዳ ይሆናል፣ አይቡ ላይ ግን ያስቸግራል፤ ማወፈሪያው ውኃውን ይዞ አልለቅም ይላል። ጨው ያለበትም አለ። ከሌላ አማራጭ ካጣችሁ እሱን ለእርሾ ብቻ ተጠቀሙበት።

ታዲያ ዮገርት ለምን ያስፈልጋል? ትንሽ ነው የሚያስፈልገው። ድሬ ላይ ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ ወተቱ ውስጥ ሙቀት የሚወደውም ባክቴሪያ ድርሻ ይኖረዋል። የድሬ እርጎ ከደጋው እርጎ ጠንከር ብሎ የሚጎመዝዘው አንድም ለዚህ ነው። ያቺን ጉምዘዛ የምትፈልጉ፣ ከባተርሚልኩ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ ዮገርት ጨምሩ። ስኳርና ፍራፍሬ የሌለበት፣ ሕያው እርሾ ያለበት ይሁን። የሐረርን ለስላሳ እርጎ የምትፈልጉ ጭራሽ ተዉት።

ወተቱ ሙሉ ቅባት ያለው፣ ከፍሪጅ መደርደሪያ የተወሰደ ይሁን። በካርቶን ታሽጎ ከፍሪጅ ውጭ ወራት የሚቀመጠው ወተት ይረጋል፤ እርጎውም መጥፎ አይደለም። አይብ ሲሆን ግን ይደቅቃል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ከጨርቁም ያልፋል። በጣም በከፍተኛ ሙቀት ስላለፈ ፕሮቲኑ ተለውጧል።

አንድ ነገር ለድሬ ልጆች ብቻ ልጨምር። አንዳንድ አገር የግመል ወተት ሱቅ ውስጥ መሸጥ ተጀምሯል። ናፍቆት ነውና ገዝታችሁ እናርጋው የምትሉ አትጠፉም። አቦ ተዉት! የግመል ወተት ይጎመዝዛል እንጂ እንደ ላም ወተት ቀጥ ብሎ አይረጋም፤ ቀጥኖ ነው የሚቀረው። እንደሱ መጠጣት ለሚወድ ጥሩ ነው። እርጎ ብሎ ለሚጠብቅ ግን ኪሳራ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

እርጎው

ለ2 ሊትር ወተት ሁለት የቡና ሲኒ ባተርሚልክ በቂ ነው፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ። ዮገርት ከፈለጋችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ከዚህ በላይ እርሾ መጨመር እርጎውን የተሻለ አያደርገውም። ቶሎ ይረጋና ቶሎ ይጎመዝዛል፣ መዓዛ ለማውጣት ግን ጊዜ አያገኝም።

ወተቱን ማፍላት ግዴታ አይደለም፤ ፋብሪካው ጨርሶታል። ወፈር ያለ እርጎ የምትወዱ ግን ሊፈላ እስኪል አሙቁት፣ በትንሽ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት። እንዲህ ሲሆን እርጎው ጠጠር ይላል፣ ውኃም ቶሎ አይለቅም። ማፍላቱን ካልፈለጋችሁ ከፍሪጅ የወጣውን ወተት ብርዱን ለማባረር ያህል ብቻ ለብ አድርጉት። በሁለቱም መንገድ እርሾው የሚገባው ወተቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ንጹህ ጣቱን ያግባ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለው ልክ ነው። ትኩስ ሆኖ ከተሰማችሁ ጠብቁ። የባተርሚልክን እርሾ ከሁሉ በላይ የሚገድለው ችኮላ ነው።

ባተርሚልኩን በትንሽ ወተት በጥብጡት፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ቀላቅሉና ዕቃው ውስጥ ገልብጡ። ክደኑት እንጂ አጥብቃችሁ አትዝጉት። ከዚህ በኋላ አትነካኩት። ልጅ ወይም ባል እየመጣ "ረጋ?" እያለ ዕቃውን ሲወዘውዝ እርጎው ይሰነጠቅና ውኃ ይለቃል።

የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ናችሁ። በሁለቱ መካከል 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ድሬ በአንድ ቀን የሚረጋ ወተት ግን ሐረር ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። የክረምት የቶሮንቶ ወጥ ቤት ማሞቂያው በርቶም 19 ወይም 20 ዲግሪ ነው። የሐረር አየር ነው እንጂ የድሬ አይደለም። እዚያ ድረስ ሄዳችሁ የድሬን ሰዓት አትቁጠሩ።

እንግዲህ ወይ ትታገሣላችሁ፣ ወይ ቦታ ታሞቃላችሁ። በ20 ዲግሪ እርጎው አንድ ቀን ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ ይረጋል ግን። ቶሎ የፈለገ ኦቨኑን ሳይለኩስ መብራቱን ብቻ ያብራና ዕቃውን እዚያ ያስቀምጥ። መጀመሪያ ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ ለሁለት ሦስት ሰዓት አስቀምጡበትና ሙቀቱን ለኩ። የአንዳንዱ ኦቨን አምፖል ከ35 ዲግሪ ያስበልጣል፤ በሩን ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። የሌለው ደግሞ ለሽርሽር የሚያዝ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ከአንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ጋር ያስቀምጠው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይቀይር። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ካገኛችሁ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል።

መርጋቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ዕቃውን በጣም በቀስታ ዘንበል አድርጉት። ያልረጋ ወተት እንደ ውኃ ይሄዳል። የረጋው አንድ ላይ ሆኖ ከግድግዳው ይላቀቃል። ጠርዙ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀጭን የውኃ መስመር ካያችሁ ደርሷል፣ እንዲያውም ትንሽ አልፏል። ሲደርስ ፍሪጅ አስገቡትና ቢያንስ ለግማሽ ቀን ተዉት። ገና ሞቅ እያለ የተቀዳ እርጎ ይበተናል፣ ጣዕሙም ጎዶሎ ነው።

ካረጋችሁት እርጎ ሁለት ሲኒ ለቀጣዩ እርሾ አስቀሩ፤ በሳምንት ውስጥ ተጠቀሙበት። ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ይደክማል፤ ለመርጋት ጊዜ መፍጀት ወይም መዓዛው መጥፋት ሲጀምር አዲስ ጠርሙስ ባተርሚልክ ግዙ። ለእርሾ የሚሆነውን ባተርሚልክ በበረዶ መሥሪያ ከፋፍላችሁ በረዶ ብታደርጉት ለሁለት ወር ያገለግላል።

ስለ ጭሱ

እማዬ ቤት የወተት ዕቃ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም ነበር። ወይራው ይነድና ፍሙ ላይ ዕቃው ይደፋል፤ ጭሱ ሲጠግብ ይገለበጣል። ጭሱ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ላይ የተረፈውን ጀርም ያዳክማል፣ እርጎውንም ትንሽ ያዘገየዋል። ስለዚህ ዕቃ ካጠናችሁ የመርጊያውን ሰዓት ትንሽ አርዝሙት።

አፓርታማ ውስጥ ማጠን አይቻልም። የጭስ ደወሉ ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል። በረንዳ ወይም ግቢ ያለው ግን ይችላል። የእኛ ወይራ ፈረንጅ ዘይት ከሚጨምቅበት ወይራ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ለሥጋ ጥብስ ተብሎ የሚሸጠው የወይራ ዛፍ ስንጣሪ ይሠራል። ቀለም ወይም ሙጫ የነካው እንጨት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ትንሽ ብረት ላይ ጥቂት ስንጣሪ ለኩሱ፣ ነበልባሉ ሲጠፋና ጭሱ ብቻ ሲቀር የብረት ወይም የሸክላ ዕቃ ድፉበት። ብርጭቆ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጥቀርሻውን በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉና ወተቱን ጨምሩ። በፈሳሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የጭስ ጣዕም ግን አልመክርም፤ እርጎው ቋሊማ ቋሊማ ይላል።

አይቡ

አገር ቤት አይብ የሚሠራው ከአሬራ ነው። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የተረፈው አሬራ ለብ ሲደረግ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። የሱፐርማርኬት ወተት ቅባቱ ተሰባብሮ ስለተቀላቀለ ሰልቦ አይወጣም። ስለዚህ እንናጠው ብላችሁ ክንዳችሁን አታድክሙ። ሳይናጥ ነው አይብ የምንሠራው። ውጤቱ ከአገር ቤቱ ትንሽ ቅባት ይበዛዋል፤ ያንን የማይወድ ሁለት ከመቶ ቅባት ያለው ወተት ይግዛ።

አቋራጭ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰውም የሚያውቀው እሱን ነው። ወተት ይፈላል፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይጨመርበታል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠለላል። ይኼ ሕንዶች የሚሠሩት ዓይነት ነው፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ አይብ ግን አይደለም። ወተቱ ሳይጎመዝዝ ስለተቆረጠ ጣፋጭ ነው። ጉምዘዛ የሌለው አይብ ዶሮ ወጥ ላይ ምንም አይሠራም። ሌላው አቋራጭ ባተርሚልኩን ብቻ በድስት ማሞቅ ነው። ይኼኛው እውነተኛ አይብ ይሰጣል፤ ሆኖም ባተርሚልኩ ቅባቱ ስለሚያንስ አይቡ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ለአንድ ሰው ምሳ ይበቃል። ለበዓል ግን ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ የራሳችሁን እርጎና የሱቁን ባተርሚልክ።

እህቴ ለፋሲካ የሠራችውን ልንገራችሁ። ሥራው ከቀኑ ወደኋላ ይቆጠራል። አይቡ እሑድ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ይበላል። ስለዚህ ቅዳሜ መጠለል አለበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መሞቅ። እርጎው እስከዚያ በደንብ መጎምዘዝ አለበትና ሐሙስ ማታ ይጀመራል። ለመብላት የሚረጋው እርጎ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ለአይብ የሚሆነው ግን አንድ ቀን ተኩል ይፈልጋል። በቂ ካልጎመዘዘ አጓቱ አይለይም።

ሐሙስ ማታ 2 ሊትር ሙሉ ወተት በሁለት ሲኒ ባተርሚልክ አረጋችና ኦቨን ውስጥ በመብራት አስቀመጠችው። ቅዳሜ ጠዋት ስትደውልልኝ "እታለም፣ ልቅመሰው እንዴት? ጾም ነው እኮ" አለች። እውነቷን ነው፤ የፋሲካ አይብ የሚሠራው ሳይቀመስ ነው። ገና የማይጾመውን ልጇን አንድ ማንኪያ አስቀመሰችው። ፊቱን አጨማደደ። "በቃ ደርሷል፣ ድስቱን ጣጂው" አልኳት።

ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ውሰዱ። እርጎውን ሳትበጠብጡት ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፣ ላዩ ላይ 1 ሊትር ባተርሚልክ ጨምሩ። እሳቱ ምድጃው የሚሰጠው ትንሹ ይሁን። ድስቱ ስስ ከሆነ በሌላ ሰፊ ድስት ውኃ አድርጋችሁ ውስጡ አስቀምጡት። የምትፈልጉት ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው፣ እዚያ ለመድረስም አርባ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይገባል። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ የድስቱን ጎን በእጃችሁ ስትነኩት ቶሎ እጃችሁን የምታነሱበት ግን የማያቃጥል ሙቀት ነው። እንፋሎት መውጣት ከጀመረ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ከፈላ አልቋል።

አሁን ማየት ነው። በመጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ነጭ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ እርጎው ከድስቱ ጠርዝ ፀጉር በምታህል ክፍተት ይሸሻል። ክፍተቷ ውስጥ ውኃ ይገባል። በመጀመሪያ ውኃው ደፍራሽ ነው፤ እየቆየ ይጠራል፣ ቢጫ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ገልብጡት፣ ትልልቁ እንዳይሰባበር። ማማሰል አይደለም። ማማሰል የጀመረ ሰው አይቡን ያደቀዋል፣ የደቀቀው ደግሞ ከአጓቱ ጋር በጨርቁ ያመልጣል። አይቡ ነጭ ደመና መስሎ ሲሰበሰብ፣ አጓቱም ከሥሩ ማንኪያ የሚያሳይ ሲሆን እሳቱን አጥፉ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ክዳኑን ግጠሙና ድስቱ እዚያው እንዳለ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ትኩስ አይብ የሚጠልል ሰው ግማሹን ከአጓቱ ጋር ይደፋል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይጠነክራል፣ አጓቱም የበለጠ ይለያል።

ከዚያ ማጥለያ ላይ ንጹህ ሻሽ ሁለት እጥፍ አንጥፉ። የቆየ ንጹህ ነጠላም ይሆናል፤ የዱቄት ሳሙና ወይም ሽቶ ሽታ እንዳይኖረው በፈላ ውኃ አልቅልቁት። አይቡን በጭልፋ እያነሳችሁ አስቀምጡ፣ አትገልብጡት። ጫፎቹን ሰብስባችሁ አንጠልጥሉት። ሁለት ሰዓት ካቆያችሁት ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ተንጠልጥሎ ካደረ ፍርፍር ብሎ ይወጣል። አትጭመቁት። ሲጨመቅ ቅባቱም ጉምዘዛውም አብሮ ይሄዳል፣ የሚቀረው ገለባ ነው።

እህቴ ከዚያ ድስት 600 ግራም አልፎ አገኘች። ከ600 እስከ 700 ግራም መጠበቅ ልክ ነው፤ ምን ያህል እንደተጠለለ ይወስናል። ስምንት ሰው በዶሮ ወጥ ሲበላው ይበቃል። ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ጤና አዳምና ኮረሪማ ነካ አደረገችበት፣ ጨው ግን አልጨመረችም፤ ዶሮው ጨው አለው። ጤና አዳም በአትክልት ሱቅ በችግኝ ይሸጣል፤ በመስኮት ላይ ይበቅላል። ነፍሰ ጡር ለሆነች ግን አይሰጥም። ከክትፎ ጋር ለሚበላው አይብ ደግሞ ትንሽ ለስላሳ ቅቤና ሚጥሚጣ ይበቃዋል። አጓቱን አትድፉት። ዳቦ በውኃ ፈንታ በአጓት ቢቦካ ይለሰልሳል፤ ቀዝቅዞም ይጠጣል።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

በብዛት የሚያጋጥመው አጓቱ ሳይጠራ መቅረቱ ነው። ድስቱ ሞቆ ሞቆ ውኃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቀራል። መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ እርጎው አልጎመዘዘም፣ ባተርሚልኩ ማወፈሪያ አለበት፣ ወይም እያማሰላችሁት ነበር። እሳት መጨመር አያድነውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። አውርዱት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁት፣ አንድ ብርጭቆ ማወፈሪያ የሌለው ባተርሚልክ ጨምሩበት፣ ሙቅ ቦታ ለግማሽ ቀን ይቆይ። ከዚያ እንደገና በትንሽ እሳት ሞክሩት። አንዳንዴ ይድናል። ያልዳነው ለዳቦ ሊጥ ይሆናል።

አይቡ ጥርስ ላይ እንደ ጎማ ከሆነ ወይም አሸዋ አሸዋ ካለ ሙቀት በዝቶበታል። ይኼ አይመለስም። ጎመን ውስጥ ከገባ ማንም አያውቅም፤ ዶሮ ወጥ ላይ ግን አታቅርቡት።

እርጎው ላይ አረፋ ካያችሁ፣ ወይም የረጋው በጋዝ ተቦርቡሮ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ውኃው ከሥር ከቀረ፣ ጠላ ጠላ ወይም ቆሻሻ ቆሻሻ ከሸተተ፣ ሌላ ነገር ገብቶበታልና ይደፋ። ጽጌረዳማ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ፣ ፀጉር ያወጣ ሻጋታ ካለ ላዩን ገፍፎ ታቹን መብላት የለም፤ ሙሉው ይደፋ። ሁለት ቀን ቆይቶ በ25 ዲግሪ ያልረጋ ወተትም እንዲሁ፤ እርሾው ሞቷል ማለት ነው፣ ወተቱም ሜዳ ላይ ብቻውን ቆይቷል። ዕቃውን፣ ማንኪያውንና ክዳኑን በፈላ ውኃ አልቅልቃችሁ በአዲስ ጠርሙስ ጀምሩ።

አንዳንዶች ከገበሬ ያልፈላ ወተት ገዝተው እንደ አገር ቤት ያለ እርሾ ሊያረጉት ይሞክራሉ። ይረጋል፣ ጣዕሙም ደስ ይላል። ነገር ግን ያልፈላ ወተት ብሩሴላና ሌሎች በሽታዎችን ሊይዝ ይችላል፤ መጎምዘዙ ሁሉንም አይገድልም፣ አይብ የሚሞቅበት 50 ወይም 60 ዲግሪም እንደ ማፍላት አይቆጠርም። ያንን ወተት የምታገኙ አፍልታችሁ አቀዝቅዙትና በባተርሚልክ አርጉት። በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት።

የተጠለለው አይብ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ካስፈለጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ውኃ ይለቃልና እንደገና በሻሽ አጥልሉት።